ሁለት ይቅርታ ወደ ሂርና

ባለፈው ሳምንት ቢሮ ውስጥ አጠገቤ የምትቀመጠው ሃና ስልኳን ወደ እኔ አዞረች። ሃና ሥራ ከጀመረች ብዙም ያልቆየች ዘጋቢ ናት። የጓደኛዋ የሠርግ መልስ ላይ ሳትገኝ ቀርታለች። ጓደኛዋ አማርኛም ኦሮምኛም እኩል የምታወራ የአምቦ ልጅ ናት። ሃና በሁለቱም ቋንቋ ይቅርታ ልትጠይቃት ፈልጋ ስልኳን አዘዘችው፤ ስልኩም ሻይዋ ሳይበርድ ጽፎ ሰጣት።

«እስቲ ይዩልኝ፤ ስህተት አለው?» አለችኝ።

አነበብኩት። አማርኛው «በዚህ ልዩ ቀንሽ ከጎንሽ ባለመሆኔ ልባዊ ይቅርታዬን እገልጻለሁ» ይላል። ኦሮምኛውም ቃል በቃል ያንኑ ይላል። ፊደሉ ልክ ነው፤ ሰዋስውም ልክ ነው። ለማን እንደተጻፈ ግን ከመልእክቱ ማወቅ አይቻልም። ለጓደኛም፣ ለአለቃም፣ ለባንክ ደንበኛም ቢላክ ያስኬዳል።

«ስህተትስ የለውም» አልኳት። ሐሳቤ ወደ ጭሮ ሄዶ ነበር፤ ክረምት ላይ፣ ጭቃ የለበሰ ሰው ደጃችን ላይ ወደቆመበት ቀን።

ጭሮ ተወልጄ ያደግኩባት ከተማ ናት። አባቴ እስኪያርፍ ድረስ አሰበ ተፈሪ እንጂ ጭሮ ብሎ አልጠራትም። ያኔ በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበርኩ፤ ከምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች ለአንድ ጋዜጣ ዜና እልካለሁ። የጫት ገበያው ሲቀዘቅዝ፣ ጎርፍ ድልድይ ሲወስድ፣ ቡናው ቀድሞ ሲቀላ እኔ እጽፋለሁ፤ አዲስ አበባ ያለው አርታኢ ግማሹን ይቆርጠዋል። ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን ብለሽ ጨርሺ፤ ከዚያ በላይ ያለው ትርፍ ነው ይለኝ ነበር። አምኜዋለሁ። እስከ ዛሬም ለዜና ሲሆን አምነዋለሁ።

ሞባይል ስልክ በእኛ ዕድሜ ላሉ ሰዎች እጅ የገባው በዚያው ሰሞን ነው። የአማርኛ ፊደል ስልኩ ውስጥ ስላልነበረ አማርኛውን በላቲን ፊደል እያስመሰልን እንጽፋለን። ኦሮምኛው ድሮም በላቲኑ ቁቤ ስለሚጻፍ አይቸገርም። አንድ አጭር መልእክት የሚይዘው መቶ ስልሳ ፊደል ነው፤ ክፍት ቦታውም ነጥቡም ይቆጠራል። ከዚያ ካለፈ ለሁለት ይከፈላል፤ ያኔ አንዳንድ ስልክ ላይ ጭራው ከጭንቅላቱ ቀድሞ ይደርስ ነበር።

ጭቃ የለበሰው ሰው ዳዊት ነው። አባቱ ከጉራጌ አገር መጥተው ጭሮ ላይ ሱቅ የከፈቱ ነጋዴ ናቸው። እኔ፣ ዳዊትና የሂርናው ጀማል ሁለተኛ ደረጃ አብረን ተምረናል። ሂርና ከጭሮ ወደ ሐረር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች ጀማል ለትምህርት የዳዊት አባት ሱቅ ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ዳዊትን አስከትሎ ወደ እናቱ ይሄዳል። እናቱ አዴ ሙና ይባላሉ፤ ሁለቱንም በአንድ ገበታ ያበላሉ፣ ለሁለቱም እኩል ይቆጣሉ። አማርኛ ብዙ አይችሉም። የዳዊት ኦሮምኛ ደግሞ የሱቅ ኦሮምኛ ነው፤ ስኳር፣ ሳሙና፣ ስንት ነው፣ ዝርዝር የለኝም። ያም ሆኖ አዴ ሙና ከእኔ ይልቅ ከእሱ ጋር ብዙ ያወሩ ነበር። ምን እንደሚያወሩ ገብቶኝ አያውቅም።

በዚያ ክረምት ጀማል የመጀመሪያ ልጁን ወለደ፤ ሴት ናት። በሰባተኛው ቀን ስም ሊወጣላት በግ ይታረዳል፤ ዱዓ ይደረጋል፤ ዘመድ ወዳጅ ይጠራል። እኛም ተጠራን።

እዚህ ላይ የእኛን አገር ልማድ መናገር አለብኝ። እስላምና ክርስቲያን አንዱ የሌላውን ቢላ ያረፈበት ሥጋ አይበላም። ይህ ግን ጎረቤት ከጎረቤት እንዳይጠራራ አላደረገም። ባለ ድግሱ እስላም ከሆነ ለክርስቲያን እንግዶቹ ለብቻው በግ ያቆያል፤ ድስትና ቢላ ከክርስቲያን ጎረቤት ይዋሳል፤ ሴት ስለማታርድ በጉን ባርኮ የሚያርድ ክርስቲያን ወንድ አስቀድሞ ይነገረዋል። ክርስቲያኑም ሲደግስ እንዲሁ ያደርጋል። ሁሉም ሲያልቅ ሰው ሁሉ በአንድ ግቢ ይበላል፤ የሚለየው ድስቱ ብቻ ነው።

አዴ ሙና ለእኛ ያቆዩት በግ ጠይም፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ሙክት ነበር። ቢላ የሚይዘው ዳዊት እንደሆነ ከሳምንት በፊት ተነግሮታል። ዳዊት ያኔ መቻራ ላይ ለአንድ ቡና ሰብሳቢ ይሠራ ነበር። «አዴ ሙናን ንገሪያቸው፤ ከጠዋት እደርሳለሁ» ብሎ ልኮብኝ እኔው ነኝ የነገርኳቸው።

አልደረሰም።

እኔና ሁለት ክርስቲያን የሂርና አስተማሪዎች፣ ሁለቱም ሴቶች፣ ከጠዋት ጀምሮ ተቀምጠናል። የቤቱ በግ ታርዶ፣ ተሠርቶ፣ ተበልቷል። ሼሁ ዱዓውን አድርገው ሄደዋል። የእኛው በግ ግቢው ጥግ ከዛፍ ጋር እንደታሰረ ነው። የተዋሱት ድስት ታጥቦ በአፉ ተደፍቷል። አዴ ሙና በር በሩን እያዩ በጎመን መደባቸው መሃል ይመላለሳሉ። በመጨረሻ እንቁላል ጠብሰው፣ ማር አምጥተው አቀረቡልን። ሲያቀርቡ ፊታችንን አላዩም። እንግዳ ጠርቶ ሥጋ እያለ እንቁላል ማቅረብ እሳቸው ቤት ሆኖ አያውቅም።

ኦቦ ሸሪፍ የሚባሉ የጀማል አጎት ጫታቸውን ይዘው ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። በጉን አዩ፤ በሩን አዩ።

«ጀማል፣ ያ ጉራጌህ የት አለ?» አሉ።

«መንገድ ላይ ይሆናል፣ አቤራ» አለ ጀማል። በኦሮምኛ አጎት እንዲህ ነው የሚጠራው።

«መንገድ ላይ ሳይሆን ቡና ላይ ነው። የቡና ገንዘብ ሲያዩ የልጅነት ቤት ይጠባል» አሉ ኦቦ ሸሪፍ። ቀጥለው፣ ቀስ ብለው፣ «ወይም የእኛ ግቢ በግ ተጸይፎት ይሆናል» አሉ።

ማንም አልሳቀም። አዴ ሙና ሰምተዋል። ጀማል ተነስቶ በጉን ፈታና ወደ ጓሮ ወሰደው። ሲመለስ ፊቱ ጠቁሮ ነበር።

በማግሥቱ ከቀትር በኋላ ዳዊት ደጃችን ላይ ቆመ። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ቀይ ጭቃ ነው፤ ጫማው ከእግሩ የሚለይበት ቦታ አይታይም። የድግሱ ቀን ገና ሳይነጋ የቡና ጭነት መኪና ላይ ተሳፍሮ ከመቻራ ወጣ፤ ገለምሶ ሳይደርሱ ጭቃ ዋጣቸው። ያደሩት እዚያው ነው። ኔትወርክ የለም። ጠዋት በሬ ጠምደው አወጧቸው። ኔትወርክ ያገኘው ጭሮ ሲቃረብ ነው፤ ከዚያ ጀምሮ ለጀማል ይደውላል፤ ጀማል ይዘጋበታል።

«አሁን ራሱ ልሂድ?» አለኝ። «ሚኒባስ አለ።»

«ሄደህ ምን ትላለህ? አዴ ሙና በሩን ሲከፍቱ ጭቃህን ያያሉ፤ ያዝናሉ፤ ያስገቡሃል። ጀማል ግን ተነስቶ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ምሕረት የሰጠህ ጭቃው ነው የሚሆነው።» ኦቦ ሸሪፍ ያሉትንም ነገርኩት። ተጸይፎ ይሆናል የሚለውን ስነግረው እናቴ ያመጣችለትን ውኃ መጠጣቱን አቆመ።

«ጀማልም እንደዚያ ይላል?»

«ጀማል ምንም አላለም። እሱ ነው የከፋው።»

ስልክ አይነሳም፤ ደጅ መሄድ አይሆንም። የቀረው ሰው ሊዘጋው የማይችለው ነገር ነው፤ አጭር መልእክት ሳይወድ በግዱ ይገባል። እናቴ የቆላችልንን በቆሎ ይዘን በረንዳው ላይ ተቀመጥን። ዝናቡ አባርቷል፤ ከቆርቆሮው ጫፍ ይንጠባጠባል። ዳዊት መጻፍ ጀመረ። የቁልፍ ስልክ ነው፤ ኤስ ለመጻፍ ሰባትን አራት ጊዜ መጫን ነው። ጨርሶ ሰጠኝ።

«ከአቅሜ በላይ በሆነ ምክንያት በዝግጅቱ ላይ ባለመገኘቴ ከፍተኛ ይቅርታ እጠይቃለሁ» ይላል።

«መብራት የሚጠፋው ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት ነው?» አልኩት።

«ማለት?»

«ማስታወቂያ ነው የጻፍከው። የዚህ ሰፈር ነዋሪዎች ብለህ ጨምርበት።»

አጠፋና እንደገና ጻፈ። አሁን ደግሞ አፈር ልብላ፣ ውሻ ነኝ፣ ዓይንህን አላይም የሚል ሆነ። ጀማል ይህን ሲያነብ ታየኝና ሳቅኩ። ዳዊት ተቆጣ።

«ትግስት፣ አንቺ ጋዜጠኛ ነሽ፤ ጻፊው እንግዲህ።»

ጻፍኩለት። እንደ ተማርኩት ጻፍኩት፤ መኪናው የት እንደቀረ፣ መቼ እንደቀረ፣ ለምን መደወል እንዳልተቻለ። ጥሩ ዜና ነበር። ዳዊት አንብቦ ስልኩን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

«እውነት ነው ሁሉም» አለ። «ግን ጥፋቱ የመንገዱ ሆነ። እኔ የለሁበትም እኮ።»

ልክ ነበር። ምክንያት መጀመሪያ ሲመጣ ሰውየው ከምክንያቱ ጀርባ ይደበቃል። «እሺ፤ መንገዱን ተወውና የሚያሳፍርህ ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅኩት፤ የዜና ምንጭ እንደምጠይቀው አድርጌ።

ብዙ ሳያስብ መለሰልኝ። «በጉ። አዴ ሙና ድስት ሲዋሱ በዓይኔ መጣብኝ። ያ በግ ቆሞ ሲቀር።»

«እሱን ጻፈው። መንገዱን በአንድ መስመር አድርገው፤ ጀማል እኩያህ ነው፤ ምን ገጠመህ ብሎ ማወቁ አይቀርም። ከዚያ በጉን።»

ሌላ ችግር ነበረ። ጀማል የሚመጣለትን መልእክት ለእናቱ እንደሚያነብ ሁለታችንም እናውቃለን፤ በዚያ ቤት ስልክ የሁሉም ነው። አማርኛ ብቻ ከተላከ ጀማል እየተረጎመ ሊነግራቸው ነው። የተቆጣ ሰው ደግሞ ሲተረጉም ያሳጥራል። «ዳዊት ነው፣ መኪና ተበላሸብኝ ይላል» ብሎ ስልኩን ኪሱ ይከተዋል። በበጉ የተነካችው ቤት የአዴ ሙና ናት። ስለዚህ ለእሳቸው በቀጥታ፣ በቋንቋቸው መጻፍ አለበት።

ዳዊት አማርኛውን እንዳለ ወደ ኦሮምኛ እንድለውጥለት ፈለገ። ሞከርኩት። ጮክ ብዬ አነበብኩት። እናቴ ከጓዳ ሆና ሰማች፤ እሷ ኦሮምኛን ከእኔ በተሻለ ትናገራለች።

«ማነው ከፍርድ ቤት የመጣው?» አለች።

ያኔ የገባኝ ነገር አለ። ያን አማርኛ ቅን ያደረገው አጭርነቱ ነው፤ ሰላምታ የለውም፣ ስም ጠርቶ ይጀምራል። ለእኩያ በአማርኛ ረጅም ሰላምታ ብትደረድር የምትደብቀው ነገር ያለ ይመስላል። ያንኑ ወደ አዴ ሙና ኦሮምኛ ስትወስደው ሰላም ሳይል ቤት የገባ ሰው ይሆናል። ለእናት መጀመሪያ ደህንነታቸው፣ ከዚያ የሕፃኗ ደህንነት ይጠየቃል። ምክንያትም ሳይጠየቅ ለትልቅ ሰው አይደረደርም፤ ሲጠይቁ ይነገራል። ይቅርታው መጨረሻ ላይ ነው፤ መጀመሪያ ላይ ካመጣኸው ቸኩለህ ልትገላገል ያሰብክ ያስመስላል።

«ታዲያ ለእሳቸው መንገዱን ሳልነግራቸው?» አለ ዳዊት።

«ፊት ለፊት ይጠይቁሃል። ያኔ ትነግራቸዋለህ።»

«የሕፃኗን ስም አስገቢበት። ስሟ ማን ተባለ?»

አፌን ከፍቼ ነበር። እሱ ግን እጁን አነሳ።

«ቆይ፤ አትንገሪኝ» አለ። «እኔ ስሟ ሲወጣ የለሁም። ስሟን ብጽፍ ከየት ሰማ ይላሉ። ሳልኖር የነበርኩ መምሰል ነው።» ጥቂት አሰበና፣ «ስሟን አልሰማሁም በይ። ከአፋቸው መስማት እፈልጋለሁ በይ» አለ።

እስካሁን ስጽፍ በኖርኩበት ዘመን ሁሉ የሌላ ሰው አርትዖት እንዲህ ልክ ሆኖ ያገኘሁበት ጊዜ ጥቂት ነው። እኔ መረጃው ስላለኝ ላስገባው ነበር።

ኦሮምኛው ይህ ነበር፦

Aadde, nagaa jirtuu? Mucaan nagaa? Hin geenye. Hoolaan na eegee hafe. Maqaa ishee hin dhageenye. Afaan keessan irraa dhaga'uun barbaada. Dhiifama naa godhaa.

አዴ፣ ደህና ኖት? ሕፃኗ ደህና ናት? አልደረስኩም። በጉ ጠብቆኝ ቀረ። ስሟን አልሰማሁም፤ ከአፍዎ ልሰማው እፈልጋለሁ። ይቅር ይበሉኝ ማለት ነው። ቁቤ ረጅሙን ድምፅ በድርብ ፊደል ስለሚጽፍ በቁልፍ ስልክ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ አንዱን ኤ ተጭነህ ጠቋሚው እስኪሻገር ትጠብቃለህ፣ ከዚያ ሁለተኛውን። ከቸኮልክ ቢ ይሆንብሃል። ዳዊት አሳጥሬ በአንድ አንድ ፊደል ልጻፈው አለ። ከለከልኩት። ለጓደኛ ይሠራል፤ ለእናት ግን ሲነበብ ጀማል መደናቀፍ የለበትም። ሲያልቅ ሦስት ፊደል ብቻ ተርፎ ነበር።

አማርኛው፣ እሱ በላቲን የጻፈውን እኔ በፊደላችን ላስፍረው፦

ጀማል፣ ዳዊት ነኝ። ለልጅህ ቀን አልደረስኩም። መኪናው መንገድ ላይ ቀርቶ ነው። ያፈርኩት እናትህ ያቆዩልኝ በግ ጠብቆ በመቅረቱ ነው። ስሟን አልሰማሁም። ይቅር በለኝ።

ሁለቱን አንድ ላይ አንልክም አልን፤ ተከፋፍሎ ጭራው ቀድሞ ከደረሰ ነገሩ ይበላሻል። የትኛው ይቅደም በሚለው ላይ ተከራከርን። ዳዊት ለጀማል ያለው ይቅደም አለ፤ የተቆጣው እሱ ነው። እኔ የቤቱ ትልቅ እናቱ ናቸው አልኩ። የእናቱ ቀደመ። ስልኩ መድረሱን እንዲነግረን አዘዝነው። ኦሮምኛው ደረሰ አለ። አማርኛው ለረጅም ጊዜ መንገድ ላይ ቆየ፤ ዝናቡ እንደገና ጀምሮ ኔትወርኩ ይመጣል ይሄዳል። ዳዊት በረንዳው ላይ ወዲያ ወዲህ ይላል። «አንዱ ብቻ ከደረሰው ለእሱ ምንም ያላልኩት አይመስለውም?» ይለኛል። በቆሎው ቀዝቅዟል። በመጨረሻ እሱም ደረሰ አለ።

መልስ ግን የለም። እግሩን ታጠበ። የአባቴን ሱሪ ለበሰ፤ አጠረው። መብራት መጣ። ሊመሽ ሲል ስልኩ ጮኸ። መልእክት ሳይሆን ጥሪ ነው። ዳዊት እኔም እንድሰማ ስልኩን በሁለታችን መካከል ያዘው።

«ዳዊት» አለ ጀማል። ድምፁ ደረቅ ነው።

«ወዬ።»

«ያ በግ ካንተ ይልቅ ሰው አክባሪ ነው። በተባለበት ቀን፣ በተባለበት ቦታ ተገኝቷል።»

«ልክ ነህ።»

«አሁን ደግሞ የእናቴን ጎመን እየበላ ነው። ማሰሪያውን በጠሰ።»

ከኋላ ሕፃን ትነጫነጫለች፤ አዴ ሙና በኦሮምኛ አንድ ነገር ይላሉ።

«እናቴ ሦስት ጊዜ አስነበበችኝ» አለ ጀማል። «ኦሮምኛውን። የትግስት እጅ እንዳለበት አውቃለሁ፤ አንተ በግን ሆላ ብለህ እንኳ አትጨርስም። ስሟን ግን ትግስት እያወቀች አልጻፈችም። ለምን አልጻፈችም ብላ ጠየቀችኝ እናቴ።»

«እኔ ነኝ አትጻፊ ያልኳት።»

«እሱን ነው ያልኳት። ነገ ና። ትግስትንም አምጣት፤ እንቁላል አብልተናት ነው የሄደችው።»

በማግሥቱ ጠዋት በሚኒባስ ሄድን። ከጭሮ ወደ ሂርና መንገዱ በተራራው ወገብ ይጠመዘዛል፤ ጭጋጉ ከጫቱ እርከን ላይ ገና አልተነሳም፤ ረዳቱ ጎን ለጎን የጫት ጥቅል እየደረደረ እግር ማስቀመጫ አሳጥቶናል። ዳዊት ከአባቱ ሱቅ ለሕፃኗ ጨርቅ ይዟል፤ ጥቅሉን ሲጨብጥና ሲለቅ ሂርና ደረስን።

አዴ ሙና በር ላይ ነበሩ። ዳዊት ጎንበስ ብሎ እጃቸውን ሊስም ሲል ወደ ላይ ሳቡት። እሳቸው መንገዱን በኦሮምኛ ጠየቁት፤ እሱ በሱቅ ኦሮምኛው ነገራቸው። ጭቃውን በእጁ እስከ ጉልበቱ አሳያቸው። በሬዎቹን ለማስረዳት ቃል አጥቶ እጁን እንደ ቀንድ ሲያደርግ አዴ ሙና ሳቁ። በድግሱ ቀን ያልሳቁትን ጭምር ነው የሳቁት።

ከዚያ ሕፃኗን አምጥተው ክንዱ ላይ አስቀመጡለት። እንዴት እንደሚይዛት አያውቅም፤ እንደ ስኳር ከረጢት ያዛት። አዴ ሙና ወደ ሕፃኗ ጆሮ አልተጠጉም፤ ስሟ ለእሷ በጆሮዋ የተነገረው በድግሱ ቀን ነው። ወደ ዳዊት ጆሮ ተጠጉና ስሟን ነገሩት።

«ኢፍቱ» አሉ።

«ኢፍቱ» አለ ዳዊት። እንደገና አለው፤ ሕፃኗን እያየ።

ኦቦ ሸሪፍ ዘግየት ብለው መጡ። በጉ ያኔ ታርዶ ተሰቅሏል፤ ዳዊት እጅጌውን ጠቅልሎ ቆዳውን ይገፍፋል። ኦቦ ሸሪፍ አዩትና፣ «ቡናው ለቀቀህ?» አሉት።

«ጭቃው ነው ያልለቀቀኝ፣ አቤራ» አለ ዳዊት።

አዴ ሙና ከጓዳ ብቅ ብለው ለኦቦ ሸሪፍ በኦሮምኛ ተናገሩ፤ ረጋ ብለው፣ ግቢው ሁሉ እንዲሰማ። «ልጁ ሰላም ብሎ፣ ሕፃኗን ጠይቆ፣ በጌን አስታውሶ፣ ስሟን ከእኔ ሊሰማ የመጣ ነው። የሚጸየፍ ሰው ስም ሊሰማ አይመጣም።» ኦቦ ሸሪፍ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ከፍ ያለ ድንጋይ ለዳዊት ገፋ አደረጉለት፣ ቢላውን የሚያሳርፍበት። እሳቸው ይቅርታ አልጠየቁም። ድንጋዩን ገፋ ማድረጋቸው ያው መሆኑ ገብቶናል።

በተዋሱት ድስት ተወጠወጠና በላን። አዴ ሙና ከሥጋችን አልቀመሱም፤ አጠገባችን ተቀምጠው፣ ኢፍቱን ታቅፈው፣ ዳዊት ስንት ጉርሻ እንደወሰደ እየቆጠሩ ይነቅፉት ነበር። ጀማል በመካከል ተነስቶ ውጭ ወጣ፤ ዳዊትም ተከተለው። ምን እንደተነጋገሩ አላውቅም። ሲመለሱ ሁለቱም ስለ ኳስ ይከራከሩ ነበር።

ዳዊት አሁን ጭሮ ላይ የራሱ ሱቅ አለው። ጀማል ሂርና ነው። ኢፍቱ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች፤ ክረምት ሲሆን የምትገዛው ነገር ሁሉ ከዳዊት ሱቅ ነው፤ ዋጋ ስትጠይቀው በኦሮምኛ ይከራከራታል፤ ትረታዋለች። አዴ ሙና ካረፉ ዓመታት ሆኗቸዋል።

ከዚያ ወዲህ ብዙ እርማት ጽፌያለሁ። የጋዜጣ እርማት ደንቡ ግልጽ ነው፤ የተሳሳተውን ትናገራለህ፣ ትክክለኛውን ትተካለህ፣ ይቅርታ ትጠይቃለህ፣ ትዘጋዋለህ። ሰው ቤት ያልደረሰ ሰው ግን የሚተካው ነገር የለውም፤ ቀኑ አልፏል። ሊናገር የሚችለው ያመለጠውን ነገር ብቻ ነው። ያን ደግሞ እያንዳንዱ ቋንቋ የሚያስገባበት በር አለው፤ አንዱ በር በስም ይከፈታል፣ ሌላው በሰላምታ። ስልኮቻችን ሁሉንም በር በአንድ ቁልፍ እንክፈት ይሉናል፤ ብዙ ጊዜም ይከፍታሉ። ውስጥ ስትገባ ግን ማንም አያውቅህም።

ሃና ሐሳብ እንደወሰደኝ አይታ፣ «ምን አሰቡ?» አለችኝ።

«መልሱ ላይ ብትኖሪ ኖሮ ምን ታዪ ነበር?» ብዬ ጠየቅኳት።

ሃና አሰበች። «አባቷ እጨፍራለሁ ብለው ነበር። ከታመሙ ወዲህ ለጭፈራ ተነስተው አያውቁም። ለእሷ ሲሉ እንደሚጨፍሩ ነግራኝ ነበር።»

«ጨፈሩ?»

«አላውቅም» አለች። ከዚያ ስልኳን ወደ ራሷ አዞረች፤ ስልኩ የጻፈላትን ሁሉ አጠፋችና ከባዶ ጀመረች። እኔም ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።